ዘይት ለምትበላ አሮጌ መኪና የትኛው ዘይት?

ዘይት የምትበላ አሮጌ መኪና ያለው ሰው መካሪ አያጣም። እኔም አላጣሁም። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሾፌርነት ያሳለፉት ጎረቤቴ «ሃምሳውን አፍስሺባት፣ ዝም ትላለች» አሉኝ። የዘይት ሱቁ ልጅ ማር የመሰለ ወፍራም ነገር በጣሳ አውጥቶ «ይህን ከዘይቱ ጋር ይቀላቅሉት እማማ» አለኝ። መካኒኬ ደግሞ የማርሚታዋን ጫፍ በጣቱ ጠርጎ ጥቀርሻውን አሳየኝና «ሲስተር፣ ፋሻዋ ሳያልቅ አልቀረም፤ ሞተሯ ቢወርድ ይሻልዎታል» አለኝ። ሦስቱም ክፉ አላሰቡልኝም። ነገር ግን ሦስቱም አንድ ነገር ሳይጠይቁኝ ነው መድኃኒት ያዘዙልኝ። መኪናዋ በሺህ ኪሎ ሜትር ስንት ዘይት ትበላለች?

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ አንድ ነጥብ ሦስት ሞተር ያላት ቤንዚን ኮሮላ ናት። ቆጣሪዋ 287 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። ሞተሯ ከፊልትሮው ጋር ሦስት ሊትር ግድም ዘይት ይይዛል። ሞተር ማውረድ ማለት ለጡረተኛ ቀላል ወጪ አይደለም። ያለ ምክንያት የወረደ ሞተር ደግሞ ሁልጊዜ ከቀድሞው ተሽሎ አይመለስም። ስለዚህ ከመወሰኔ በፊት ልለካ ተነሣሁ። በሆስፒታል ሥራዬ አንድ በሽተኛ ስንት ፈሳሽ እንደገባለትና ስንት እንደወጣው ሳይመዘገብ ማንም ሐኪም ስለ ኩላሊቱ አፉን ሞልቶ አይናገርም ነበር። የመኪና ዘይትም ከዚህ አይለይም።

አለካኩ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። መኪናዋን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ሜዳ በሆነ መሬት አቆማለሁ፤ እኔ የመረጥኩት የግቢያችንን ሲሚንቶ ነው። ሞተሯ ከሞቀ በኋላ አጥፍቼ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ የመለኪያውን ዘንግ አውጥቼ በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ መልሼ እስከ መጨረሻው ከትቼ እንደገና አወጣለሁ። መጀመሪያ ሲወጣ የሚታየው ምልክት አይታመንም፤ ዘይቱ በመንገድ ላይ ተረጭቶ ዘንጉን ይለቀልቀዋል። በመጀመሪያው ቀን በትክክል እስከ ላይኛው ምልክት ሞላሁና የቆጣሪውን ቁጥር በደብተር ጻፍኩ። ሺህ ኪሎ ሜትር ስትሞላ እዚያው ቦታ ላይ አቁሜ እንደገና እስከ ላይኛው ምልክት ሞላሁ። ያን ለመሙላት የፈሰሰው ዘይት መጠን የበላችው ነው። መስፈሪያዬ የልጅ ልጄ የተወችው፣ ሚሊ ሊትሩ በጎኑ የተጻፈበት ጡጦ ነው። (አንዴ ዘይት የገባበት ጡጦ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም፤ እኔ ከመኪናዋ ኋላ ነው የማስቀምጠው።)

ከሁለቱ ምልክቶች መሐል ስንት ዘይት እንደሚገባም ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። የእኔዋ ላይ ዘይት በተቀየረ ዕለት መጀመሪያ እስከ ታችኛው ምልክት ብቻ አስሞልቼ፣ ከዚያ በጡጦው ስጨምር ላይኛው ምልክት የደረሰው 900 ሚሊ ሊትር ገብቶ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ዘንጉን አይቶ ስንት እንደጎደለ ይገምታል።

ሁለት ነገሮች ልኬቱን ያሳስታሉ። አንደኛው በከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ ብቻ መንዳት ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ሲጠፋ ትንሽ ቤንዚንና ውሃ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ስለዚህ ዘይቱ እየተበላም ዘንጉ ላይ ያልጎደለ ይመስላል። ከዚያ ሰውዬው አንድ ቀን አዳማ ደርሶ ሲመለስ ያ ሁሉ ተንኖ ይወጣና «በአንድ ጉዞ ግማሽ ሊትር በላች» ብሎ ይደነግጣል። የበላችው ግን ቀስ በቀስ ነው። ለዚህ ነው በሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ተጣድፎ ሳይፈርዱ ረዥም መንገድም ያለበትን ሙሉ ሺህ ኪሎ ሜትር መውሰድ የሚሻለው። ሁለተኛው ከላይኛው ምልክት አሳልፎ መሙላት ነው። «ስለምትበላ ትንሽ ላብዛላት» የሚሉ ብዙ ናቸው። የበዛውን ዘይት የሞተሩ መዘውር እየመታ ያስነሣዋል፤ የተነሣው ዘይት በመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር መግቢያው ተስቦ ይቃጠላል። ይህ ራሱ ዘይት ማስበላት ነው።

የመጀመሪያው ሺህ ኪሎ ሜትር ውጤት 620 ሚሊ ሊትር ሆነ። በዚህ ሁኔታ እኔ ዘይት በምቀይርበት አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሦስት ሊትር ከ100 ትበላለች ማለት ነው፤ ሞተሯ ከሚይዘው ሙሉ ዘይት ይበልጣል። ከላይኛው ምልክት ተነሥታ ታችኛው ላይ ለመድረስ 1,450 ኪሎ ሜትር ግድም ይበቃታል። ያም ሆኖ አስፈሪ አይደለም። መኪና አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ በሺህ ኪሎ ሜትር እስከ አንድ ሊትር ድረስ ሊበላ ይችላል ብለው የሚጽፉበት ጊዜ አለ። አስፈሪው ሳይለኩ መንዳት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ቀዩ የዘይት መብራት የግፊት መብራት እንጂ የመጠን አይደለም። እሱ እስኪበራ የጠበቀ ሰው ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ብዙ ወርዶ፣ ሞተሩም መጎዳት ጀምሮ ነው የሚያገኘው። ቀዩ መብራት ከበራ ዳር ይዞ ወዲያው ማጥፋት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዘይቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ማወቅ ነበረብኝ፤ የሚመረጠው ዘይት በዚያ ላይ ይመሠረታልና። ማታ ከሥሯ ካርቶን አንጥፌ አሳደርኩ። ጠዋት ሁለት ጠብታ ብቻ አገኘሁ፤ ስለዚህ እየፈሰሰ ሳይሆን እየተቃጠለ ነው። ከዚያ ጢሱን አየሁ። ጠዋት የልጄን ልጅ ከኋላ አቁሜ ሞተሩን አስነሣሁ። «ሰማያዊ ጢስ ቡፍ ብሎ ጠፋ» አለችኝ። ከእንጦጦ ስንወርድ ነዳጅ ሳልሰጥ በማርሽ ይዣት ወርጄ፣ ሜዳው ላይ ነዳጅ ስሰጥ እንደገና በመስተዋት ሰማያዊ ጢስ አየሁ። ሽቅብ ስትወጣ ግን ጢስ የለም።

ይህ ትርጉም አለው። ቫልቮላው ላይ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ትንሽ ጎማ ሲደርቅ፣ ማታ ከላይ ያለው ዘይት በዝግታ ወደ ሲሊንደሩ ይንጠባጠባል፤ ጠዋት ሲነሣ ቡፍ የሚለው እሱ ነው። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሳይሰጥ ሲወረድ ደግሞ ሞተሩ ውስጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ዘይቱን በዚያው በደረቀው ጎማ በኩል ይስበዋል። ያለቀ ፋሻ ቢሆን ኖሮ ጭነት ላይ፣ ሽቅብ ስትወጣ ነበር በይበልጥ የምትጨሰው።

መካኒኬ ግን በጢስ ብቻ አላመነም፤ ልክ ነው። ኮምፕሬሽን እንለካ አልኩት። ካንዴላዎቹን አውጥቶ በየተራ ለካ። ሦስቱ ሲሊንደሮች ወደ አሥር ባር፣ አራተኛው ዘጠኝ ከግማሽ ሆነ። «መጽሐፉ ላይ ካለው ያንሳል፣ ሲስተር» አለኝ። መጽሐፉ ግን የተጻፈው ባሕር ጠለል አጠገብ ላለ አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ግድም ነው፤ ኮምፕሬሽኑም በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። እዚህ ከተማ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማወዳደር ይሻላል። ከዚያ ባነሰው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና ለካ። ፋሻው አልቆ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለሚደፍነው ቁጥሩ በደንብ ከፍ ይል ነበር። የእኛው እምብዛም አልጨመረም። መካኒኬ ከዚያ ወዲያ ስለ ሞተር ማውረድ አላነሣብኝም።

ዘይት ከመቀየሬ በፊት አንድ ርካሽ ነገር ቀየርን። ከቫልቮላው ክዳን ላይ ተሰክታ የሞተሩን ትንፋሽ ወደ አየር መግቢያው የምትመልስ ትንሽ ቫልቭ አለች። ስትነቀልና በጆሮ አጠገብ ስትወዘወዝ ጠቅ ጠቅ ማለት አለባት። የእኔዋ በዘይት ዝቃጭ ተይዛ ድምፅ አልነበራትም። እሷ ስትዘጋ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ይገፋዋል። ይህችን ብቻ ቀይረን፣ ዘይቱን ሳንነካ ሌላ ሺህ ኪሎ ሜትር ነዳሁ። 500 ሚሊ ሊትር ሆነ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ቀይሬ ቢሆን ኖሮ የረዳው የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ዘይቱን የመረጥኩት ከዚህ በኋላ ነው። መኪናዋ ውስጥ የነበረው 10 ደብሊው 30 ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስ፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ያሳያል። ከኋላ ያለው ሲጨምር ዘይቱ በሙቀት ጊዜ ይወፍራል፤ በደረቀ የቫልቮላ ጎማም በዝግታ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ወፍራም ዘይት ይረዳል የሚለው የጎረቤቴ ምክር መሠረት አለው። ጥያቄው እስከ ምን ድረስ የሚለው ነው። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ አንድ ዘይት ብቻ አያዝም፤ እንደ አካባቢው ሙቀት በርካታ ውፍረቶችን በሰንጠረዥ ያሳያል። 15 ደብሊው 40ም 20 ደብሊው 50ም በሰንጠረዡ ውስጥ አሉ። የአዲስ አበባ ጠዋት በኅዳርና በታኅሣሥ ቢበርድም ለሁለቱም የሚከብድ ብርድ አይደለም። እኔ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብዬ 15 ደብሊው 40 መረጥኩ። ደብሊው የሌለውን፣ «አርባ» ወይም «ሃምሳ» ብቻ ተብሎ የሚሸጠውን ግን ለዚህ ሞተር አልወስድም። እሱ ጠዋት ጠዋት ወደ ላይኛው የሞተሩ ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ አሮጌ ሞተር ደግሞ በይበልጥ የሚያልቀው በዚያች ቅጽበት ነው።

ከውፍረቱ እኩል የማየው ከጣሳው ጀርባ የተጻፈውን ደረጃ ነው። ኤፒአይ የሚለውን ተከትሎ በኤስ የሚጀምሩ ሁለት ፊደላት የቤንዚን ሞተርን ያመለክታሉ፤ ሁለተኛው ፊደል ወደ ኋለኞቹ ሲሄድ ዘይቱ አዲስ ደረጃ ነው። ኤስኤል በፈረንጆቹ 2001፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 የወጡ ናቸው። አዲሱ ለአሮጌ መኪና አይሆንም የሚባለው ልክ አይደለም፤ ለቤንዚን ሞተር አዲሱ ደረጃ የቀድሞዎቹን ይተካል። ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ የተሻለው ዘይት ጥቀርሻውን የሚያጥብበት ኃይል አለው። ፋሻዎቹ ውስጥ ዘይት የሚመልሱት ትንንሽ ቀዳዳዎች በጥቀርሻ ሲደፈኑ የዘይት መብላቱ ይብሳል። እነሱን በውፍረት ብቻ ማዳን አይቻልም፤ ንጹሕ ዘይትን በጊዜው መቀየር ነው የሚጠብቃቸው። በሲ የሚጀምሩት ብቻ የተጻፉበት ለናፍጣ የተሠራ ነው። ለከባድ መኪና ጥሩ ነው፤ የእኔዋን መሰል ዘይት የምታቃጥል መኪና የጢስ ማጣሪያዋ ገና ካልተነሣ ግን በዚያ ዘይት ውስጥ ያለው ቅመም ማጣሪያውን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል።

ሙሉ ሲንተቲኩን ለምን አልገዛሽም የሚለኝ አለ። በሙቀት የሚተነው ያንሳልና ጥሩ ዘይት ነው። ቫልቮላ ላይ ለሚንጠባጠበው ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ውድ ዘይት ማቃጠል ይሆናል። ለዚህች መኪና በጊዜው የሚቀየር ደህና ማዕድን ዘይት ይበቃል። ወፍራሙን የጣሳ ማሟያም አልገዛሁም። ሥራው ዘይቱን ማወፈር ነው፤ ውፍረትን ደግሞ ልኩ ከተጻፈበት ጣሳ ማግኘት ይቻላል። ስንት እንደወፈረ በማይታወቅ ድብልቅ ከመንዳት ያ ይሻለኛል።

ከበርሜል እየተቀዳ በልቅ የሚሸጥ ዘይት አልገዛም። ጣሳ ስገዛም የክዳኑ ቀለበት ያልተበጠሰ መሆኑን፣ ከሥሩም ያለው ሽፋን እንዳልተነካ አያለሁ። ያለቀውን ጣሳ ደግሞ ክዳኑን ለይቼ፣ ሌላ ሰው እንዳይሞላበት ቀድጄ ነው የምጥለው።

በ15 ደብሊው 40 የመጀመሪያው ሺህ ኪሎ ሜትር 360፣ ሁለተኛው 340 ሚሊ ሊትር ሆነ። ጎረቤቴ ይህን ሰምተው «ሃምሳው ቢሆን ኖሮ ከዚህም ባነሰ» አሉ። እሳቸውም ዕድል ይገባቸዋልና በሚቀጥለው ሰርቪስ 20 ደብሊው 50 አስሞላሁ። 330 ሆነ። አሥርና ሠላሳ ሚሊ ሊትር የእኔ እጅና የጡጦው መስመር ሊያመጡት የሚችሉት ልዩነት ነው። ጠዋት ስትነሣ ግን ላይኛው የሞተሩ ክፍል ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ይንኳኳ ነበር። ስለዚህ ወደ 15 ደብሊው 40 ተመለስኩ። ጋሼ አልተቀየሙኝም፤ ደብተሬን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩትና «ጽሕፈቱ ደህና ነው» ብቻ አሉ።

አሁን በአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ከ750 ግድም እጨምራለሁ። ቀድሞ ሦስት ሊትር ይጠፋ ነበር። እየጨመርኩ ስለምነዳ ዘይቱ ራሱን በራሱ ይቀየራል ብዬ ግን አልተውም። ይህን የሚሉ አሉ። የሚቃጠለው ዘይት ነው፤ ቆሻሻው ሞተሩ ውስጥ ይቀራል፣ ፊልትሮውም እየሞላ ይሄዳል። አምስት ሺው ሲሞላ የቀረው ዘይት ሁሉ ይወጣል፣ ፊልትሮውም ይቀየራል።

ደብተሬ ላይ ሦስት ነገሮችን በቀይ አስምሬአለሁ፤ ከታዩ ዘይት መምረጥ አብቅቶ ወደ ጋራዥ የሚኬድባቸው ናቸው። የምትበላው በሺህ ኪሎ ሜትር ከአንድ ሊትር ካለፈ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ካንዴላዋ በዘይት ርሶ አንዱ ሲሊንደር መሳት ከጀመረ። ሦስተኛው ሞተሯ በደንብ ሞቆ ቆማ ስትሠራ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ነው፤ ያኔ በዘይት መብላት ሳይሆን በግፊት መቀነስ ነውና በጌጅ መለካት አለበት፤ ወፍራም ዘይት ጨምሮ መብራቱን ማጥፋት በሽታውን መሸፈን ነው።

ከመካኒኬ ጋር የተስማማነው የሚቀጥለው የቀበቶ ቅያሪ ሲደርስ የቫልቮላዎቹን ጎማዎች እንዲቀይርልኝ ነው። ቴስታታው ሳይነሣ፣ ቫልቮላው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ሲሊንደሩን በካንዴላው ቀዳዳ በአየር ግፊት ሞልቶ ከላይ ጎማውን መቀየር ይቻላል። ቀበቶው ገና ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። እስከዚያ በየሦስት መቶው ዘንጉን አያለሁ፤ ኋላ ላይም ጡጦውና ያልተከፈተ አንድ ሊትር 15 ደብሊው 40 አሉ።